«እጅ አጥሮን ነው» ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

እናንተ እንግሊዝኛ እንዴት ናችሁ? እኔ ራሴን ጎበዝ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። እንደ አብዛኛው የአገራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቢዝነስ ዲግሪዬን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውን የተፈተንኩት፣ መመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩትም በእንግሊዝኛ ነው። በማርኬቲንግ ኦፊሰርነት ከተቀጠርኩ ወዲህ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲያስፈልግ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ታዲያ ድርጅቴን የዱቤ ውል ያሳጣው ሰዋስው አልነበረም። አንዲት ትንሽ የአማርኛ ፈሊጥ ነበረች። እናቴ ስትናገራት እየሰማሁ ያደግኋት፣ ትርጉሟን ማንም ሊያስተምረኝ የማያስፈልግ ፈሊጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ድርጅት የታሸገ በርበሬና ሽሮ ለሱፐርማርኬቶች ያከፋፍላል። ማሸጊያ ካርቶን የምንገዛው እዚሁ አዲስ አበባ ካለ አንድ አምራች ሲሆን፣ ሥራ አስኪያጁ አማርኛ የማይችል የውጭ አገር ሰው ነው። የመጀመሪያው ትዕዛዛችን 10,000 ካርቶን ነበር። በ24 ብር ሒሳብ 240,000 ብር ይሆናል፤ ውላችን ደግሞ ዕቃውን በተረከብን በ30 ቀን ውስጥ እንድንከፍል ነው። ለአዲስ ደንበኛ እንዲህ ያለ ዱቤ መስጠቱ መልካም ሰውነቱን ያሳያል።

ሠላሳው ቀን ሲደርስ ሱፐርማርኬቶቹ ገና አልከፈሉንም ነበር። የፋይናንስ ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙና፣ «እስቲ ለዚያ ለካርቶኑ ሰውዬ አንድ መልእክት ጻፊልኝ፤ ለጊዜው እጅ አጥሮን ነው፣ ትንሽ ሆደ ሰፊ ይሁኑልን በይው» አሉኝ። ሐፍረት ፊታቸው ላይ ይታያል። ጋሼ «ገንዘብ የለንም» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ማውጣት አይወዱም። እኔም አላስቸገርኳቸውም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኢሜይሉን ጻፍኩና ላክሁት። «ዊ አር ከረንትሊ ሾርት ሃንድድ፤ ካይንድሊ ቤር ዊዝ አስ» የሚል ነው። ሾርት አጭር ነው፣ ሃንድ እጅ ነው። እንዲያውም በእንግሊዝኛም እንደኛው ዓይነት አነጋገር መኖሩ ደስ አለኝ!

መልሱ በዚያው ቀን መጣ። በጣም ደግ መልስ ነው። «ምንም አይደለም፤ እኔም ጋ እንዲህ ይገጥማል። ማክሰኞ የኔን ሠራተኛ ልኬ ቼኩን እወስዳለሁ፤ እናንተ አትድከሙ» ይላል። ጋሼ ሲሰሙ ግራ ገባቸው። እኔም ትንሽ ግራ ገባኝ፤ ግን ምናልባት እስከ ማክሰኞ ጊዜ ሰጠን ማለት ነው ብለን ተውነው። ሰኞ ዕለት ደግሞ ሁለተኛው 10,000 ካርቶን ተጭኖ ከመጋዘናችን ደረሰ። ማክሰኞ ሠራተኛው መጣ። ቼክ የለም። ልጁ ሒሳብ ክፍል ገብቶ አምስት ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዳየ ለአለቃው ነገረው። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ ተለውጧል። «ሠራተኛ የለንም አላችሁኝ፤ ሰዎቻችሁ ሁሉ አሉ። ለምን ዋሻችሁኝ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው መዝገበ ቃላት የገለጥኩት። እንግሊዝኛው «ሾርት ሃንድድ» የሰው ኃይል ማነስ ነው። በእነሱ ቋንቋ «ሃንድ» የሚለው ቃል ሠራተኛ ማለትም ስለሚሆን፣ እጅ አጠረ ሲባል የሚሠራ ሰው ጎደለ ማለት ነው። የኛ እጅ ግን ገንዘብ ነው። እጅ በእጅ ስንል ወዲያው በጥሬ ገንዘብ መክፈል ነው፤ እጅ አጠረው ስንል ኪሱ ሳሳ ማለት ነው። ሁለቱ አባባሎች በቃል ደረጃ መንታ ይመስላሉ፤ በትርጉም ግን አይተዋወቁም። ሰውዬው በኔ ኢሜይል የገባው ገንዘቡ አለ፣ ቼክ የሚጽፍ ሰው ብቻ ጠፋ የሚል ነው። ስለዚህም ነው በመተማመን ሁለተኛውን ጭነት የላከው። 240,000 የነበረው ዕዳችን በአንድ ኢሜይል 480,000 ብር ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእጅን ፈሊጦች በሁለቱም ቋንቋ እየለቀምኩ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። ደብተሩን ስገልጥ ሦስት ዓይነት ሆነው አገኛቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ በሁለቱም ቋንቋ አንድ የሆኑ ናቸው። «ባዶ እጁን ተመለሰ» ስንል እንግሊዝኛውም በዚያው ምስል ያንኑ ይላል። «እጅ እግሬ ታስሯል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እነሱም ደንብ ወይም አለቃ አላላውስ ሲላቸው እጄ ታሰረ ይላሉ። እነዚህን ያለ ስጋት ማሻገር ይቻላል።

ሁለተኛዎቹ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ያሉ ናቸው። ጋሼ «ሆደ ሰፊ ይሁኑልን» ያሉትን ቃል በቃል ብተረጉመው ኖሮ ሰውዬው ስለ ውፍረቱ የተናገርን ይመስለው ነበር። እነዚህ ግን እንደምታስቡት አደገኛ አይደሉም። አንባቢው እንዳልገባው ያውቃልና «ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

የሚያስፈሩት ሦስተኛዎቹ ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ ያሉ፣ ግን ሌላ ነገር የሚሉ። እነዚህ ሲሳሳቱ ማንም ምንም አይጠይቅም፤ ጸሐፊውም አንባቢውም የገባው መስሎት ነው የሚሄደው። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ «እጅ ስጡን» ማለት እርዱን፣ አግዙን ማለት ነው። አንድ ቀን ያው ሥራ አስኪያጅ ካርቶኑን ሲያራግፉ ልጆቻችን እንዲያግዙ ጠይቆ በእንግሊዝኛ ጻፈ። አንዱ ወጣት ባልደረባዬ በቀጥታ ተርጉሞ የመጋዘኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እጅ ስጡ» ብሎ ለጠፈው። የመጋዘን ኃላፊያችን፣ «ምን አጠፋን? ፖሊስ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብለው መልሰው ጻፉ። እስከዛሬ እንስቃለን።

«እጅ ማንሳት»ም እንዲሁ ነው። እኛ ከዚህ ጉዳይ እጃችንን አንስተናል ስንል ወጥተናል፣ አይመለከተንም ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ እጅ ያነሳ ሰው ግን እኔ አለሁ፣ እኔ ልሥራው ያለ ሰው ነው። ከአንድ ጨረታ መውጣታችሁን ለማስታወቅ እጃችንን አንስተናል ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትጽፉ፣ ሰውዬው ለመወዳደር እንደቆረጣችሁ ይቆጥረዋል። ተረትም ከዚህ አያመልጥም። የኛው «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እና የእንግሊዞቹ «በእጅ ያለች አንዲት ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ካሉ ሁለት ወፎች ትበልጣለች» በእጅ ስላለ ነገር ስለሚናገሩ አቻ ይመስላሉ። የኛው ግን ያለንን እናቃልላለን ብሎ ይወቅሳል፤ የነሱ ያለህን አጥብቀህ ያዝ ብሎ ይመክራል። አንዱን በሌላው ተክታችሁ ደንበኛን ብታማክሩ፣ ምክራችሁ ወቀሳ ሆኖ ይደርሳል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሰውዬው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ጋሼ ቢሮ ገብቼ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔም እኮ በግልጽ አልነገርኩሽም፤ የሸፈንኩትን ነው ያሻገርሽው» አሉኝ። ይህች አነጋገራቸው ነገሩን ገለጠችልኝ። ፈሊጧ በአማርኛ ሁለት ሥራ ነበራት፦ ገንዘብ መጉደሉን መንገርና ሐፍረቱን መሸፈን። አማርኛ የሚችል ነጋዴ «እጅ አጥሮን ነው» ሲባል ስንት ጎደለ፣ እስከ መቼ ብሎ ወዲያው አይጠይቅም። ነውር ነው። ቀስ ብሎ፣ ምናልባት ቡና ላይ፣ ይጠይቃል። በኢሜይል ግን ቡና የለም። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ለያይቼ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ዓረፍተ ነገር ማሻገር ነበረብኝ።

የእርማቱን ደብዳቤ የጻፍነው ከጋሼ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። እንግሊዝኛውን ከመንካታችን በፊት መጀመሪያ በአማርኛ፣ ግን ያለ ምንም ፈሊጥ ጻፍነው። ይህ ከባዱ ክፍል ነበር። ጋሼ ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜም ፈሊጥ አመለጣቸው። እኔ በየመሀሉ «ጋሼ፣ ምንድን ነው የጎደለው? ስንት? እስከ መቼ? ከሰውዬው የምንፈልገው ምንድን ነው?» እያልኩ ጠየቅኋቸው። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«ባለፈው መልእክታችን የተጠቀምንበት ቃል የተሳሳተ ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የጎደለን ሠራተኛ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ነው። ምክንያቱ ደንበኞቻችን የሆኑ ሱፐርማርኬቶች ክፍያ ማዘግየታቸው ነው። ከመጀመሪያው ጭነት ዋጋ ውስጥ 100,000 ብሩን በዚህ ዓርብ፣ ቀሪውን 140,000 ብር ከዚያ በኋላ ባለው ሁለተኛው ዓርብ እንከፍላለን። ሁለተኛውን ጭነት ሳንከፍት አስቀምጠነዋል። እንዲመለስ ከፈለጉ የማጓጓዣውን ወጪ እኛ እንሸፍናለን።»

ይህ አማርኛ ለኛ ጆሮ ደረቅ ነው። ጋሼ፣ «ይሄማ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል» ብለዋል። ግን ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የሚጠፋ ምንም የለውም፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወይ ቁጥር ነው፣ ወይ ቀን ነው፣ ወይ ምክንያት ነው። ፈሊጧ ይዛው የነበረው ሐፍረት ደግሞ አልተጣለም፤ መጀመሪያ ላይ በአንድ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር ተቀመጠ። አንድ ብቻ! እኛ ይቅርታን ደጋግሞ መናገር ጨዋነት ይመስለናል፤ በአጭር የእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ላይ ግን ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም፣ አንባቢው ሌላ የተደበቀ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ መጠርጠር ይጀምራል።

ከመላካችን በፊት አንድ ነገር ጨመርኩ፤ አሁን የማልተወው ልማድ ሆኗል። እንግሊዝኛውን ብቻ አትሜ፣ ስለ ጉዳዩ ምንም የማታውቅ የሰው ሀብት ክፍል ባልደረባዬ ጋ ሄድኩና፣ «አንብቢና ምን እንደሚል በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። አነበበችና፣ «ብር የላቸውም፤ በሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ነው፤ ዕቃውንም ውሰድ ይሉታል» አለች። ልክ ነው። እዚያው እያለሁ የድሮውንም ኢሜይል አሳየኋት። «ሰው ጎድሎባቸዋል» አለች ሳታመነታ። በሁለት ደቂቃ የላክሁትን ኢሜይል አንድ ደቂቃ ጨምሬ ላሳያት ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ልብ በሉ፤ አንባቢው የአማርኛውን ረቂቅ ያላየ መሆን አለበት። ረቂቁን ያየ ሰው እንግሊዝኛው ያላለውን ሁሉ ከራሱ እየሞላ ያነባል። እኔም የራሴን ስህተት ማየት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ሰውዬው ለደብዳቤው መልስ ሰጠ። ዕቃውን አልመልስም፣ የክፍያ ቀኖቹንም ተቀብያለሁ አለ። በመጨረሻው መስመር ላይ የሁለተኛውን ጭነት ዋጋ በተመለከተ «አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ» እንድንከፍል ጠየቀ። ያ ወጣት ባልደረባዬ ለጋሼ ሲያነብላቸው «በሚመችዎት ጊዜ ይክፈሉ ይላል» አላቸው። ጋሼም፣ «እግዚአብሔር ይስጠው!» ብለው ክፍያውን ከሁለት ወር በኋላ ወዳለው ዕቅድ ሊያሸጋግሩት ነበር። ደግነቱ ደብዳቤውን ራሴ ሳነብ ደረስኩ።

ይህ አነጋገር ከላይ ሲታይ ማንንም የማያስቸኩል ይመስላል። ክብደቱ ያለው ግን «ኧርሊየስት» የምትለው ቃል ላይ ነው፤ ከሚመቻችሁ ጊዜ ሁሉ የመጀመሪያው፣ የቅርቡ ማለት ነው። የንግድ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቶሎ በሉ ብሎ ላለመጮህ ነው። ልክ እኛ እጅ አጥሮናል ብለን ገንዘብ ማጣትን እንደምንሸፍን፣ እነሱም በዚህች አነጋገር ችኮላቸውን ይሸፍናሉ። ወደ አማርኛ ሲመጣ «በተቻለ ፍጥነት ቢከፍሉን» ቢባል ነው የሚቀርበው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው፣ «ለካ እነሱም ይሉኝታ አላቸው!» ብለው ተገረሙ። የሁለተኛውን ክፍያ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ባለው ሳምንት አስገቡት።

ታዲያ ፈሊጥን ከንግድ ደብዳቤ ጨርሶ እናስወጣ ማለቴ ነው? አይደለም። የምለየው በቦታው ነው። ገንዘብ፣ ቀን፣ ብዛትና ግዴታ ያለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፈሊጥ አላስገባም። ሰላምታ፣ ምስጋናና የበዓል መልካም ምኞት ላይ ግን አስገባለሁ፤ እዚያ ትርጉሙ ትንሽ ቢዛነፍ የሚጎዳ የለም፣ ወዳጅነቱ ግን ይደርሳል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ለአቅራቢዎቻችን በእንግሊዝኛ በላክነው የምስጋና ካርድ ላይ «እኛ ዘንድ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባላል፤ ሌላኛው እጃችን ስለሆናችሁ እናመሰግናለን» ብያለሁ። እዚህ ሁለት ነገር ልብ ብያለሁ። አንደኛ «እኛ ዘንድ ይባላል» ማለቴ፣ አንባቢው የሚመጣው አባባል የሌላ ቋንቋ እንደሆነ አውቆ ምስሉን እንዲያይ ያዘጋጀዋል፤ ከራሱ ቋንቋ ፈሊጥ ጋር አያምታታውም። ሁለተኛ ከአባባሉ ቀጥሎ ትርጉሙን ራሴ በግልጽ ተናግሬዋለሁ። ተረቱን ባይረዳው እንኳ ምስጋናውን ይረዳል።

የዱቤ ውላችን ወዲያው አልተመለሰም። ሥራ አስኪያጁ ቀጣዮቹን ሦስት ትዕዛዞች ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ ነው ያስረከበን፤ ይህም ሱፐርማርኬቶቹ እስኪከፍሉን ድረስ እውነትም እጃችንን አሳጠረው። ደብዳቤው እውነቱን ቢያስረዳውም፣ መጀመሪያ የተሰማው ስሜት በአንድ ቀን አልጠፋም። በአራተኛው ትዕዛዝ የ15 ቀን ዱቤ ሰጠን። ሠላሳ አይደለም፣ ግን አንድ ነገር ነው።

ጋሼስ? አሁንም እንደ ድሮው ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ነው የሚያዝዙኝ። ፈሊጣቸውንም አልተዉም፤ እንዲተዉም አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት መጥተው፣ «እስቲ ለመለያ ወረቀቱ ሰውዬ ጻፊልኝ፤ ትንሽ እጅ አጥሮናል…» አሉና ቆም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው ጨመሩልኝ፦ «የገንዘቡን ነው ታዲያ! ሠራተኛማ ሞልቷል። 60,000 ብር ነው፣ የሚከፈለውም በ25 ነው።»

ብዕሬን አነሳሁ። መጻፍ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።